ነጠላ የለበሱ መምህርት ከደመናው መሐል፦ አቅራቢን በአረንጓዴ ጨርቅ ቀርጾ አኒሜሽን ውስጥ የማስገባት ዝርዝር መመሪያ

ደሴ ውስጥ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች አጭር የሳይንስ ትምህርት ስንቀርጽ ሐሳቡ ቀላል ነበር። ከኮምቦልቻ በኩል ያለው ሞቅ ያለና እርጥብ አየር የሐረጎን አቀበት ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ጭጋግ ይሆናል። ጭጋጉን፣ ተራራውንና መንገዱን በአኒሜሽን እንሠራለን፤ መምህርቷ ደግሞ ከመሐሉ ቆመው በእጃቸው እያመለከቱ ያስረዳሉ። ለዚህም በአረንጓዴ ጨርቅ ፊት እንቀርጻቸውና አረንጓዴውን በኮምፒውተር አጥፍተን በምትኩ ሥዕሉን እናስገባለን። ችግሩ የመጣው ለቀረጻ ሲቀርቡ ነው። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ጠርዙ በወርቃማ ጥለት የተዋበ ስስ ነጠላ ደርበው ነበር። ነጠላውን እንዲያስቀምጡት በትሕትና ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ያለ ነጠላ ተማሪ ፊት ቆሜ አላውቅም፤ ዛሬም አልጀምርም» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ስለዚህ ሥራውን ከነጠላው ጋር ማስማማት የእኛ ድርሻ ሆነ።

ይህ መመሪያ በዚያ ቀረጻ ላይ ይመሠረታል። ስስ ነጭ ጨርቅ ለዚህ ሥራ ከሚቀርቡት ነገሮች ሁሉ አስቸጋሪው ስለሆነ፣ እሱን የቻለ ሰው ሸሚዝና ኮት የለበሰ አቅራቢ አያስቸግረውም።

ከመቅረጽ በፊት ዳራውን አስቀምጡ

ብዙ ሰው አቅራቢውን ቀርጾ ከጨረሰ በኋላ ዳራ ይፈልጋል። እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ። አኒሜሽኑ ተንቀሳቅሶ ማለቅ አያስፈልገውም፤ ሆኖም ሁለት ነገሮች አስቀድመው መወሰን አለባቸው፤ ፀሐይዋ ከየት እንደምታበራና አድማሱ በምን ከፍታ ላይ እንደሚያርፍ።

በእኛ ሥዕል ፀሐይዋ በስተግራ ከፍ ብላ ነበር። ስለዚህ የመምህርቷ ዋና መብራት በካሜራው ግራ፣ ከራሳቸው በላይ መቆም ነበረበት። ይህን ከረሳችሁት ጥላው በፊታቸው በግራ በኩል፣ በተራራው ላይ ደግሞ በቀኝ በኩል ይወድቃል። ተመልካቹ ምክንያቱን መናገር ባይችልም ሰውየው ከሥዕሉ ላይ የተለጠፈ መሆኑን ወዲያው ያውቀዋል። ይህን ደግሞ በኋላ ምንም ፕሮግራም አያስተካክለውም።

የአድማሱ ሕግ ደግሞ እንዲህ ነው። ካሜራው ቀጥ ብሎ ሲያይ በሜዳ ላይ የቆሙትን ሰዎች ሁሉ የአድማሱ መስመር የሚያቋርጣቸው ሌንሱ ባለበት ከፍታ ላይ ነው። ሌንሱን ከወለሉ በ1.4 ሜትር ላይ ከተከላችሁት፣ 1.6 ሜትር ቁመት ባላቸው ሰው ላይ አድማሱ አገጫቸው አካባቢ ማለፍ አለበት። በሥዕሉ ውስጥ አድማሱ ወገባቸው ላይ ከሆነ ግዙፍ ሰው ይመስላሉ፤ ከራሳቸው በላይ ከሆነ ደግሞ ሕፃን። አኒሜሽኑን ብሌንደር በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የምትሠሩ ከሆነ የፕሮግራሙን ካሜራ በዚያው ከፍታ አስቀምጡት።

የደመናውን እንቅስቃሴ ግን ለኋላ ተዉት። መምህርቷ «ይኸውና፣ ጭጋጉ መጣ» ብለው እጃቸውን የሚያነሡበትን ቅጽበት ከቀረጻው ማግኘትና ደመናውን በዚያ ላይ ማስነሣት ይቀላል። አቅራቢው ያልታየ ደመና ተከትሎ በሰከንድ እንዲገጥም መጠየቅ ሰውን ያስጨንቃል፤ ጭንቀቱም ፊት ላይ ይታያል። ማየት ያለባቸውን ቦታ ለማሳየት ከሚያመለክቱበት አቅጣጫ ትንሽ ምልክት ለጥፉ፤ ምልክቱ ከዚያው አረንጓዴ ጨርቅ የተቆረጠ ቢሆን አብሮ ይጠፋል።

ጨርቁ

አረንጓዴ የተመረጠበት ምክንያት አለው። በአብዛኞቹ የካሜራ ሴንሰሮች ላይ ለእያንዳንዱ አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ ተቀባይ ሁለት አረንጓዴ ተቀባዮች አሉ፤ ስለዚህ ይህ ቀለም ከሁሉም ይበልጥ ጥርት ብሎ ይመዘገባል። የሰው ቆዳ ጠይምም ሆነ ቀይ ዳማ ቢሆን ቀዩ የሚያመዝንበት በመሆኑ ከአረንጓዴ ይርቃል።

ገበያ ስትወጡ የማያብለጨልጭ ጨርቅ ፈልጉ። ሳቲን ብርሃኑን እንደ መስተዋት ስለሚመልስ ነጭ ነጠብጣብ ይፈጥራል። ወፈር ያለ ጥጥ ወይም ካኪ ይሻላል፤ ቀለሙም እንደ ለጋ የበቆሎ ቅጠል ብሩህ ይሁን። ግድግዳ የምትቀቡ ከሆነ የፕላስቲክ ቀለም እንጂ የዘይት ቀለም አትጠቀሙ፤ የዘይቱ ያብለጨልጫል። ጨርቁን በደንብ ተኩሱት፤ ከዚያም በአራቱም ማዕዘን ወጥራችሁ እሰሩት። እጥፋቱ ጥላ ይሠራል፤ ጥላው ለፕሮግራሙ ሌላ ዓይነት አረንጓዴ ነው።

የጨርቁ ስፋት የሚወሰነው በሌንሱ ነው። የእኛ ክፍል ርዝመቱ 7 ሜትር ያህል ነበር። መምህርቷን ከጨርቁ 2 ሜትር አራቅናቸው፤ ካሜራው ደግሞ ከእሳቸው 2.5 ሜትር ራቀ። ስለዚህ ከካሜራው እስከ ጨርቁ 4.5 ሜትር ሆነ። 50 ሚሊ ሜትር አቻ በሆነ ሌንስ የሚታየው ስፋት የርቀቱ 0.72 ያህል ነውና በጨርቁ ላይ ወደ 3.2 ሜትር ይሆናል። በአብዛኛው ስልክ ዋና ሌንስ፣ ማለትም 25 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነው፣ ስፋቱ እጥፍ ሆኖ 6.5 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ስልካችሁ እውነተኛ የማቅረቢያ ሌንስ ካለው እሱን ተጠቀሙ። ጨርቁ ፍሬሙን በሙሉ ባይሞላም ችግር የለም፤ ዋናው ነገር የአቅራቢው እጆች ሙሉ በሙሉ ተዘርግተው ከጨርቁ እንዳይወጡ ነው። የቀረውን ግድግዳ በኋላ በቀላሉ እንቆርጠዋለን።

የእግር ጉዳይ ላይ አጭር ምክር አለኝ፤ እግር አትቅረጹ። እግር ሲታይ ወለሉም አረንጓዴ መሆን አለበት፤ ጥላውንም በእጅ መሥራት ይጠይቃል። እኛ ከጉልበት በላይ ቀረጽንና ከፊት ለፊታቸው በአኒሜሽኑ ቁጥቋጦና ድንጋይ አደረግን። ይህም በሥዕሉ ፊት ሳይሆን ውስጡ እንዳሉ አስመሰላቸው።

መብራትና ካሜራ

የደሴ ጠዋት ለዚህ ሥራ አይታመንም። ጭጋጉ መጥቶ ሲሄድ በመስኮት የሚገባው ብርሃን በደቂቃዎች ውስጥ ይለወጣል፤ ጨርቁም አብሮት ይለወጣል። መስኮቶቹን በወፍራም ብርድ ልብስ ዝጉና በመብራት ብቻ ሥሩ።

አራት መብራቶች ይበቃሉ። ሁለቱ ጨርቁን ብቻ ከግራና ከቀኝ ያብሩ። ሦስተኛው ዋናው የአቅራቢው መብራት ነው። አራተኛው ከኋላና ከላይ ሆኖ ፀጉራቸውንና ትከሻቸውን ይንካ። የፊታቸውን ጨለማ ጎን ለማለዘብ ነጭ አንሶላ በቀኝ በኩል መወጠር በቂ ነው። የጨርቁ ብርሃን እኩል መሆኑን በዓይን አትመኑ፤ ዓይን ልዩነቱን ራሱ ያስተካክለዋል። ባዶውን ጨርቅ ፎቶ አንሡና በማንኛውም የፎቶ ፕሮግራም በመሐሉና በአራቱ ማዕዘን የቀለሙን ቁጥር እዩ። ከ255 ውስጥ የአረንጓዴው ቁጥር ከ140 እስከ 170 ባለው ውስጥ ቢሆንና በቦታዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ20 ባይበልጥ እኔ እረካለሁ። ወደ 230 ከወጣ ጨርቁ ከመጠን በላይ በርቷል፤ ቀለሙ እየነጣ ነው፤ ነጸብራቁም በመምህርቷ ላይ ይጨምራል።

ጨርቁን በኃይል ማብራት የጀማሪ ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከጨርቁ የሚመለሰው አረንጓዴ ብርሃን በአቅራቢው ጠርዝ ላይ ያርፋል፤ ነጭ ልብስ ደግሞ የመጣበትን ቀለም ሁሉ ይቀበላል። ሁለት ሜትሩ ርቀት የተፈለገውም ለዚሁ ነው። ክፍሉ ጠቦ አንድ ሜትር ብቻ ብታገኙ የነጠላው ጠርዝ ሎሚ መስሎ ይወጣል።

የስልኩ አውቶማቲክ ነገር ሁሉ ይዘጋ፤ የብርሃን መጠን፣ የነጭ ሚዛን፣ ትኩረት፣ ፊት ማሳመሪያና ኤች ዲ አር። ስልካችሁ የሚቀበለው ከሆነ ያለ ክፍያ የሚገኘው Blackmagic Camera ይህን ሁሉ በእጅ ለመቆለፍ ያስችላል። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። በሰከንድ 25 ፍሬም ቅረጹ፤ ሸተሩን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርጉ። ሁለቱም ከመርገብገቡ ጋር ስለሚስማሙ በጨርቁ ላይ የሚሄድ ጥቁር መስመር አይታይም። እኔ ለዚህ ሥራ 1/100 እመርጣለሁ፤ የሚወዛወዝ እጅ ይበልጥ ጥርት ብሎ ይቀረጻልና። አኒሜሽኑም በ25 ፍሬም ይውጣ።

በ4ኬ መቅረጽ ያለው ጥቅም ከሚገመተው የተለየ ነው። ስልኮችና ብዙ ካሜራዎች ፋይሉን ለማሳነስ የብርሃንን መረጃ ለእያንዳንዱ ፒክስል፣ የቀለምን መረጃ ግን ለአራት ፒክስሎች አንድ ብቻ ይመዘግባሉ። አረንጓዴውን የምንነቅሰው ደግሞ በቀለም ነው። በ1920 በ1080 ከቀረጻችሁ የፀጉሩ ጠርዝ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይቆረጣል። በ3840 በ2160 ቀርጻችሁ የመጨረሻውን ሥራ በ1920 በ1080 ብታወጡ ግን ለእያንዳንዱ የመጨረሻ ፒክስል የራሱ የቀለም መረጃ ይደርሰዋል።

ቀረጻው ሲጀመር መጀመሪያ ባዶውን ጨርቅ ለ10 ሰከንድ ቅረጹ፤ በኋላ ፕሮግራሙ ለማወዳደሪያ ይጠቀምበታል። መብራት ሄዶ ከተመለሰ፣ ወይም ማንኛውም መብራት ከተነካ፣ ባዶውን እንደገና ቅረጹ። እኛ ቀረጻው መሐል ላይ መብራት ሄዶብን ከተመለሰ በኋላ ይህን ሳናደርግ ቀጠልን፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ክፍል በኮምፒውተር ለማጽዳት የፈጀው ጊዜ ከፊተኛው እጥፍ ነበር።

ነጠላው

ነጠላ በሁለት ድርብ ስስ ጨርቅ የሚሠራ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል። በደረታቸው ላይ ሲያርፍ ከጀርባው ያለው ነጭ ቀሚስ ነው፤ ምንም አይደለም። ከትከሻ ወርዶ በአየር ላይ ሲንጠለጠል ግን ከጀርባው ያለው አረንጓዴው ጨርቅ ነው፤ ካሜራውም የሚያየው ነጭና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ነገር ነው። ይህንን ፕሮግራሙ ከፊል ግልጽ አድርጎ ካነበበው ትክክል ነው፤ በእውነተኛው ዓለምም ከጀርባው ያለው ተራራ በስሱ ይታይ ነበር። ሙሉ በሙሉ ነጭ ወይም ሙሉ በሙሉ ባዶ ካደረገው ግን ነጠላው ወረቀት ይመስላል፤ አለዚያም የተበሳ።

መምህርቷ ነጠላውን በአንድ ትከሻ ላይ አጣፍተው እንዲያደርጉት ተስማማን። የሚንጠለጠለው ክፍል አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ሆነ። ጥለቱ ላይ አረንጓዴ ክር ቢኖር ኖሮ ሰማያዊ ጨርቅ ከመፈለግ ሌላ መፍትሔ አልነበረም፤ አረንጓዴው ክር ከዳራው ጋር አብሮ ይጠፋልና። ስለዚህ አቅራቢን ስትቀጥሩ የጥለቱን ቀለም በዋዜማው ጠይቁ።

በኮምፒውተር ላይ

ያለ ክፍያ የሚገኘውን DaVinci Resolve ተጠቅመናል። ቅንጥቡን በጊዜ መስመሩ ላይ አድርጋችሁ ወደ Fusion ገጽ ግቡ። በ`MediaIn1` እና በ`MediaOut1` መካከል አረንጓዴውን የሚያጠፋውን መሣሪያ፣ Delta Keyer ን፣ ጨምሩ።

መጀመሪያ ከጨርቁ ውጭ ያለውን ሁሉ በ`Polygon` ቁረጡ፤ የመብራቱ እግር፣ የግድግዳው ጥግ ሁሉ ይውጣ። ከዚያ በ`Background Color` ጠብታ ቀለሙን ከአቅራቢው አጠገብ፣ ከፀጉራቸው ትንሽ ራቅ ካለ ቦታ ምረጡ። ከማዕዘኑ አትምረጡ፤ በደንብ መቆረጥ ያለበት ጠርዝ ያለው እዚህ ነው።

አሁን በመመልከቻው ላይ `A` ቁልፍን ተጫኑ። ምስሉ ጠፍቶ ጭንብሉ ብቻ ይታያል፤ ነጭ የሚቀረው፣ ጥቁር የሚጠፋው፣ ግራጫ ከፊል ግልጽ የሚሆነው ነው። ለመመለስ `C` ተጫኑ። የምንፈልገው ዳራው ፍጹም ጥቁር፣ ፊትና አካሉ ፍጹም ነጭ፣ የፀጉሩ ጫፍና የተንጠለጠለው ነጠላ ግራጫ እንዲሆን ነው። በ`Matte` ክፍል ያለው `Threshold` የታችኛውን ጫፍ ከፍ ስታደርጉት ዳራው ይጠቁራል፤ የላይኛውን ዝቅ ስታደርጉት አካሉ ይነጣል። ሁለቱ በተቀራረቡ ቁጥር ግራጫው ይጠፋል። ባዶውን ጨርቅ በ`CleanPlate` በኩል ብታገናኙት ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ቦታ ከራሱ አረንጓዴ ጋር ስለሚያወዳድር `Threshold` ን ብዙ መግፋት አያስፈልግም።

የእኛ ፈተና እዚህ ነበር። የተንጠለጠለው ነጠላ ጥሩ ግራጫ ሆኖ ሳለ በደረታቸው ላይ ያለውም በነጸብራቁ ምክንያት ግራጫ ሆኖ ተገኘ፤ ደመናው በደረታቸው ውስጥ ይታይ ነበር። የደረቱን ለመሙላት `Threshold` ን ስንገፋ የተንጠለጠለው ተቆረጠ። በአንድ መቼት ሁለቱን ማስታረቅ አይቻልም። መፍትሔው በደረታቸው ውስጥ፣ ከጠርዙ ገባ ብሎ፣ `Polygon` መሣልና ከ`SolidMatte` ጋር ማገናኘት ነበር። ያ ቦታ ምንም ይሁን ምን ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ጠርዙን ደግሞ ለስላሳው ጭንብል ይይዘዋል። አቅራቢው ሲንቀሳቀስ ቅርጹ ከአካሉ እንዳይወጣ ከጠርዙ የአራት ጣት ያህል ክፍተት ተዉ፤ ብዙ ከተንቀሳቀሱም ቅርጹን በየቦታው አስከትሉት።

ነጸብራቁን ማውጣት

ጭንብሉ ቢያምርም በነጠላው ጠርዝ ላይ የአረንጓዴ ጭላጭል ይቀራል። ብዙ ፕሮግራሞች ይህን የሚያወጡበት መሠረታዊ ስሌት ይህ ነው፦

```
G = min(G, (R + B) / 2)
```

ማለትም አረንጓዴው ከቀዩና ከሰማያዊው አማካይ በላይ ከሆነ ወደ አማካዩ ይወርዳል። የነጠላው ጠርዝ ቀይ 200፣ አረንጓዴ 225፣ ሰማያዊ 195 ቢሆን አረንጓዴው ወደ 197 ገደማ ይወርድና ነጭነቱ ይመለሳል። የመምህርቷ ጠይም ቆዳ 150፣ 105፣ 80 ቢሆን አማካዩ 115 ነው፤ አረንጓዴው ከዚያ በታች ስለሆነ አይነካም። ወርቃማው ጥለት ግን 210፣ 170፣ 60 ነበር። አማካዩ 135 ነውና አረንጓዴው ከ170 ወደ 135 ወርዶ ወርቁ የሸክላ ቀለም ሆነ። መምህርቷ ናሙናውን ሲያዩ መጀመሪያ ያነሡት ጥያቄ «ጥለቴ ምን ሆነ?» የሚል ነበር።

በ`Fringe` ክፍል `Spill Method` አራት ደረጃ አለው፤ `Rare`፣ `Medium`፣ `Well Done` እና `Burnt`። ከ`Rare` ጀምሩና ነጩ እስኪጸዳ ብቻ ጨምሩ። ጥለቱ አሁንም ከቀላ እንደ እኛ አድርጉ፦ በጥለቱ ላይ ብቻ ቅርጽ ሥላችሁ በዚያ ቦታ ዋናውን ያልተነካ ቀለም መልሱ። ጥለቱ በቀሚሱ ፊት በመሆኑ ከጨርቁ የሚደርሰው ነጸብራቅ ጥቂት ነው፤ ዋናው ቀለሙ ያስኬዳል።

ከሥዕሉ ጋር ማዋሐድ

በ`Merge` አኒሜሽኑን ከኋላ፣ መምህርቷን ከፊት አድርጉ። አሁን ጥቁሮቹን አወዳድሩ። ጭጋግ ባለበት ሥዕል ውስጥ ፍጹም ጥቁር ነገር የለም፤ የመምህርቷ ፀጉር ግን ጥቁር ነው። ጭጋጉ ከፊታቸው ሲያልፍ እንዲታመን የጥላቸውን ክፍል ትንሽ አነሣንና ቀለሙን ወደ ሥዕሉ ሰማያዊ ግራጫ አስጠጋን። ከዚያ አንድ ስስ የደመና ንብር ከፊታቸው በወገባቸው ላይ አሳለፍን። ነጠላው ከፊል ግልጽ ሆኖ በመትረፉ፣ ከኋላቸው የሚያልፈው ደመና በተንጠለጠለው ጨርቅ ውስጥ ደብዝዞ ታየ፤ ለዚያች አንድ ስንዝር ጨርቅ የደከምነው ለዚህ ነበር።

ከማስረከባችሁ በፊት አኒሜሽኑን ለጊዜው አንሥታችሁ በምትኩ ደማቅ ሐምራዊ ቀለም አድርጉና ሙሉውን ቅንጥብ አጫውቱ። ሐምራዊ የአረንጓዴ ተቃራኒ ስለሆነ የተደበቀ ጭላጭልና የጭንብል ቀዳዳ ሁሉ ይጋለጣል። እጃቸው በፍጥነት የሚሄድበትን ፍሬም ለይታችሁ አቁሙና በጣቶቹ መካከል አረንጓዴ መቅረቱን እዩ። የሚርገበገብ ጠርዝ የሚታየው በቆመ ምስል ሳይሆን በእንቅስቃሴ ነው፤ ከታየ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ በምስሉ ጨለማ ቦታ ላይ የሚርመሰመሰው ነጠብጣብ ነውና `Pre-Blur` ን በጥቂቱ ጨምሩ፤ ካልጠፋ ደግሞ በሚቀጥለው ቀረጻ መብራት ጨምራችሁ የካሜራውን ብርሃን የማጉላት መጠን፣ አይ ኤስ ኦውን፣ ዝቅ አድርጉ። ሐምራዊው ላይ ንጹሕ ከሆነ አኒሜሽኑን መልሱና ፋይሉን በ1920 በ1080፣ በ25 ፍሬም አውጡ።